ጉዳዩ፦ ከሂሳቤ ወጥቶ የትም ያልደረሰ 46,500 ብርን ይመለከታል

መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም
ጅማ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ቅሬታ ለሚመለከተው ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጅማ ሂርማታ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን እንሠራለን። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም ረቡዕ ዕለት ከምገለገልበት ባንክ የሞባይል መተግበሪያ ላይ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ለሚገኝ የኮምፔርሳቶ ነጋዴ 46,500 ብር ላክሁ። የእሱ ሂሳብ ያለው ሌላ ባንክ ነው። ገንዘቡ ከእኔ ሂሳብ ወዲያው ተቀነሰ፤ የአገልግሎት ክፍያውም ተቆረጠ። ነጋዴው ጋ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሳንቲም አልገባም።

የሁለቱን ባንኮች ስም፣ ቅርንጫፌን፣ የሂሳብ ቁጥሬን፣ ሙሉ ስሜንና ስልኬን በአባሪ 1 ጽፌያለሁ። እዚህ ያልደገምኳቸው ደብዳቤው በብዙ እጅ ስለሚያልፍ ነው። ከዚህ በታች «ባንኬ» የምለው የእኔን ባንክ ነው፤ «ተቀባዩ ባንክ» የምለው ደግሞ የነጋዴውን።

አባሪ 2 መተግበሪያው የሰጠኝ ደረሰኝ ነው። የግብይት መለያ ቁጥሩ አለበት። ቀኑ 22/01/2025፣ ሰዓቱ 15:20 ይላል፤ በእኛ ጥር 14፣ ከቀኑ 9፡20 መሆኑ ነው። ይህን የምጽፈው ቅርንጫፉ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ቀኑ አይመሳሰልም ብሎ ስላከራከረኝ ነው። አባሪ 3 ባንኬ ራሱ ማህተም አድርጎ የሰጠኝ የሂሳብ መግለጫ ሲሆን፣ ገንዘቡ በዚያው መለያ ቁጥር መውጣቱን ያሳያል። አባሪ 4 ነጋዴው ከተቀባዩ ባንክ ያወጣው፣ ከጥር 14 እስከ የካቲት 15 ያለው መግለጫ ነው፤ ማህተም አለው። የሌሎች ደንበኞቹን ስም በጥቁር ቀለም ሸፍኖታል፤ ዋናውን ማየት ከፈለጋችሁ ለማሳየት ፈቃደኛ ነው። በዚያ መግለጫ ላይ የእኔ 46,500 ብር የለም።

እንግዲህ አንዱ ባንክ ወጥቷል ይላል፣ ሌላው አልገባም ይላል፣ ሁለቱም ማህተም አድርገዋል። ገንዘቡ መሀል ላይ የሆነ ቦታ አለ። እኔ የምጠይቀው የት እንዳለ ብቻ ነው።

የሂሳብ ቁጥር ተሳስተህ ይሆናል እንዳይባል አባሪ 5ን ጨምሬያለሁ። ታኅሣሥ ላይ ለዚሁ ሰው፣ በዚሁ ሂሳብ ቁጥር፣ ከዚሁ ስልክ ልኬ በደቂቃ ውስጥ ደርሶታል። ቁጥሩን መተግበሪያው አስቀምጦት ስለነበር ጥር ላይ የላክሁት ከዚያው መርጬ ነው፤ እንደገና አልጻፍኩትም።

አሁን ባንኬ ወደ ሰጠኝ መልስ ልምጣ። ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ «ጋሼ ትንሽ ይታገሱ፣ ሲስተም ነው፣ በራሱ ይመለሳል» ተባልኩ። ታገስኩ፤ ሲስተም የሚባለውን ማንም አግኝቶ ሊያናግረው አይችልምና። አልተመለሰም። ጥር 21 ቀን በጽሑፍ አመለከትኩ፤ የገቢ ቁጥርና ማህተም ያለበት ቅጂ አባሪ 6 ነው። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፉ ስመላለስ መልሱ ተቀየረ፦ «በእኛ በኩል ተሳክቷል፣ ችግሩ ተቀባዩ ባንክ ጋ ነው»። ነጋዴው ወደ ተቀባዩ ባንክ ሄደ፤ የመጣ ገንዘብ የለም፣ የላከው ሰው የራሱን ባንክ ይጠይቅ አሉት። እኔ ስጠይቅ ደግሞ ጉዳዩ ኢትስዊች ጋ ነው ተባልኩ። ኢትስዊች ባንኮቹን የሚያገናኝ ድርጅት መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ከኢትስዊች ጋር ውል የለኝም፤ ሂሳብ የከፈትኩትና የአገልግሎት ክፍያ የከፈልኩት ለባንኬ ነው። ኢትስዊችን መጠየቅ ካስፈለገ መጠየቅ ያለበት ባንኬ ነው እንጂ ጅማ ላይ መጋዝ የያዘ ሰው አይደለም።

ለዋናው መሥሪያ ቤት የካቲት 11 ቀን ጻፍኩ፤ አባሪ 7 ነው። መልሱ በደብዳቤ አልመጣም። አንዲት ልጅ ደወለችልኝ፣ በትህትና አናገረችኝ፣ «እናጣራለን» አለች። ከዚያ በየካቲት መጨረሻ በስልኬ አጭር መልዕክት ገባ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ያቀረቡት ቅሬታ መፍትሔ አግኝቶ ተዘግቷል።» የስልኬ ምስል አባሪ 8 ነው። ምን መፍትሔ? ለማን? ቅርንጫፉን ብጠይቅ እነሱም አያውቁም። መፍትሔው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ስጡኝ ብል «እንዲህ ዓይነት ወረቀት አንሰጥም» አሉኝ። ገንዘቡ መጥፋቱ አንድ ነገር ነው፤ ያልተፈታ ቅሬታ ተፈታ ብሎ መዝገብ መዝጋት ግን ሌላ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም ለእናንተ ሪፖርት ሲደረግ የእኔ ጉዳይ ከተፈቱት ጋር ይቆጠራል ማለት ነው።

የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 የእናንተ መመሪያ ነው። ተገልጋዩ ቅሬታውን አስቀድሞ ለባንኩ ማቅረብ እንዳለበት ስለማውቅ ያንን ጨርሼ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት፤ አባሪ 6 እና 7 ለዚህ ማስረጃ ናቸው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ባንኬ የዚህን ግብይት ዱካ፣ ማለትም ከእሱ መቼ ወጣ፣ ኢትስዊች ጋ መቼ ደረሰ፣ ከዚያ ምን ሆነ የሚለውን በጽሑፍ እንዲያቀርብና ለእኔም ቅጂው እንዲሰጠኝ እዘዙልኝ። ገንዘቡ ተቀባዩ ባንክ እንዳልደረሰ ሲረጋገጥ 46,500 ብሩን ከተቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ጋር ወደ ሂሳቤ ይመልስልኝ። ተቀባዩ ባንክ ጋ ተንጠልጥሎ ከተገኘም ወደ እኔ ይመለስ እንጂ ወደ ነጋዴው አይሂድ፤ እኔ ከእቁብ ባወጣሁት ብር ለሁለተኛ ጊዜ ከፍዬዋለሁ። ነጋዴው መከፈሉን ፈርሞ የሰጠኝ ወረቀት አባሪ 9 ነው። በተጨማሪም ባንኬ «ተዘግቷል» ያለውን መዝገብ እንዲከፍተውና በምን ምክንያት እንደዘጋው እንዲያስረዳ እፈልጋለሁ። ካሳ አልጠየቅሁም። ለአንድ ሆቴል የያዝኩት ትዕዛዝ ስለዘገየ ቅጣት ሊመጣብኝ ይችላል፤ ከመጣ ለብቻው አመለክታለሁ።

ሁሉም አባሪ የተላከው በቅጂ ነው። ዋናዎቹ እኔ ጋ አሉ፣ ባላችሁኝ ጊዜ አቀርባለሁ። ለማመሳከር ብቻ ከጅማ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መምጣት ይከብደኛልና የሚቻል ከሆነ በስልክ ወይም በኢሜይል እንጨርሰው።

ከሰዓት በፊት ማሽን ስለሚጮህ የስልክ ጥሪ አልሰማም። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ደውሉልኝ፤ ካላነሳሁ መልዕክት አስቀምጡልኝ፣ በዚያው ቀን መልሼ እደውላለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አመልካች
(ፊርማ አለው)

አባሪ፦ ከ1 እስከ 9
ግልባጭ፦ ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል