ይድረስ ለዶክተሬ፦ ከጎድኔ ሥር ስላለው ሕመም

ኮዬ ፈጬ
ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር ሄለን፣ እንደምን ሰነበቱ?

አስቴር ነኝ። አምና በጨጓራ ያከሙኝ፣ ከኮዬ ፈጬ የምመጣው እንጀራ ጋጋሪ። ለፊታችን ሐሙስ፣ ግንቦት 28፣ እርስዎ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ወረፋው ብዙ ነው፤ እርስዎም ፋታ የለዎትም። እኔ ደግሞ ነጭ ጋዋን ሳይ የማውቀው ሁሉ ጥፍት ይልብኛል። ስለዚህ ሕመሜን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ወንድሜ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ካርድ ክፍል ያደርስልኛል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ይሄ የድሮው ጨጓራዬ አይመስለኝም። ያየኝ ሁሉ «ጨጓራሽ ነው» ይለኛል። ያልተስማማ ካለ ደግሞ «ብርድ ነው» ይላል። እኛ ብሎክ ውስጥ ከእነዚህ ከሁለቱ ያመለጠ በሽታ የለም። ጨጓራዬን ግን አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አብረን ኖረናል። እሱ ከእምብርቴ በላይ መሀል ላይ ያቃጥለኛል። ሲርበኝ ይነሳል፣ ቁራሽ ዳቦ ስቀምስ ይበርድልኛል። ይሄኛው የሚመጣው ስበላ ነው።

ቦታው በቀኝ በኩል ከጎድኔ ሥር ነው። ጣቶቼን ከታችኛው የጎድን አጥንት ሥር ሸጎጥ ባደርግ ልክ እዚያው ነው። አንዳንዴ መሀል ላይ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ጀርባዬ ይዞራል። የጡት ማስያዣዬ ማሰሪያ ከሚያርፍበት ከፍ ብሎ፣ ቀኝ ትከሻዬ ሥር ይቆማል። ባለቤቴ እዚያ ላይ በጡጫው ይጫንልኛል። ደስ ይላል እንጂ ሕመሙን አይነቅለውም። በግራ በኩል ምንም የለኝም።

ዓይነቱን መግለጽ ይከብደኛል። አያቃጥልም፣ አይወጋም። ጨምድዶ ይይዝና እየጠበቀ ይሄዳል። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፤ ምጥ እንኳ መሀል ላይ ፋታ ይሰጣል። ይሄ አንዴ ከያዘ እስኪለቅ ድረስ አይላላም። ሦስት አራት ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ እንዳልነበረ ይጠፋል። በማግስቱ ሊጥ አቡክቼ ምጣድ ላይ እሰየማለሁ። ያየኝ ሰው ታማ ነበር አይልም።

መጀመሪያ የሞከረኝ ገና ላይ ነው። ያኔ ቀለል ያለ ስለነበር የበዓል ምግብ ከብዶኝ ነው ብዬ ተውኩት። ዋናው የመጣው ፋሲካ ሌሊት፣ ሚያዝያ 12 ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም ፈታን። ዶሮው ቅቤ በቅቤ ነበር፣ እኔም አልሳሳሁለትም። ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል ጎኔን ጨምድዶ ቀሰቀሰኝ። በጀርባዬ ብተኛ፣ በጎኔ ብተኛ፣ ብነሳ፣ ብንበረከክ አንድ ነው። ያጥወለውለኛል፣ ያስመልሰኛል፣ አስመልሼም አይቀለኝም። ቤተሰቡ በጉን ሲያርድ እኔ መኝታ ቤት በሩን ዘግቼ ነበር፤ የጥብሱ ሽታ ራሱ አስጠላኝ።

ከዚያ ወዲህ በዓለ ሃምሳ አይደል? ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቤታችንም ግብዣውም ቅቤና ሥጋ ነው። ሕመሙም ተመላለሰ፤ አሁን አሁን ሳምንት አያልፍም። የሚገርመኝ ግንቦት ልደታ ነው። ጎረቤት ተሰብስበን ግቢ ውስጥ ንፍሮና ዳቦ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ከሁሉም ሰው በላይ በላሁ። ምንም አልሆንኩም። በሳምንቱ ግን ክርስትና ተጠርቼ ክትፎ በላሁ፣ የዚያን ዕለት ማታ ሞቼ ነበር። እዚህ ሰፈር በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ጎረቤቴ በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ዳይክሎፌናክ ወጉኝና ብዙም ሳይቆይ ለቀቀኝ። «ጨጓራ ነው» ብለው ኦሜፕራዞል ጻፉልኝ። ጠዋት ጠዋት ሳላቋርጥ እየዋጥኩ ነው፤ ለዚህኛው ጠብ ያለለት ነገር የለም።

እንግዲህ የሚያባብስብኝ ቅባት ነው። ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ በቅቤ የተሠራ ሽሮም ጭምር። እንደበላሁ አይደለም፤ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜ ማታ ከተኛሁ በኋላ። ለጨጓራ ይሆናል ብዬ ቅቤው ያልወጣለት የላም ወተት ጠጥቼ ነበር፣ ጭራሽ ባሰብኝ። ከያዘኝ በኋላ አየር ወደ ውስጥ ስስብ ጎኔ ላይ ቅጭም ያደርገኛል። በርበሬ ብቻውን አይቀሰቅሰውም፣ ቡናም እንደዚያው። ሥራም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ምጣድ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ፣ ጀሪካን ይዤ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ፣ በዚህ አያመኝም።

ትኩሳት የለኝም፣ አላንቀጠቀጠኝም። ዓይኔ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ብዬ እህቴን በፀሐይ ብርሃን አሳይቻታለሁ፤ ነጭ ነው አለችኝ። ሽንቴም ሰገራዬም እንደ ወትሮው ነው። ደም አላየሁም። ክብደቴ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ከመጨረሻው ወሊድ ወዲህ ጨምሬአለሁ። ዕድሜዬ 41 ነው። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ እወጋለሁ። ስኳርም ግፊትም የለብኝም። ባክትሪም ወስጄ ሰውነቴን አሳክኮኝ ያውቃል፣ ካርዴ ላይ መጻፉን እንጃ። ከቤት ደግሞ አብሽና ተልባ ጠጥቻለሁ። እንዳይቆጡኝ እንጂ ፌጦም በሎሚ ሞክሬአለሁ።

ሌላው፣ እናቴ የሐሞት ጠጠር ነበረባት። እሷንም ለረጅም ጊዜ «ጨጓራ» ሲሏት ከርመው በመጨረሻ በአልትራሳውንድ ታየና በኦፕራሲዮን ወጣላት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በሽታዬንም ልንገርዎት አልልም። ግን የእሷን ሁኔታ ሳስታውስ የእኔው ነው። እባክዎ ሐሙስ ዕለት ሆዴን በአልትራሳውንድ ያዩልኝ። የእናቴን ሲያነሱ ምንም ሳትበላ እንድትመጣ ነግረዋት ስለነበር እኔም ማታውን በጊዜ በልቼ ጠዋት በባዶ ሆዴ እመጣለሁ።

ቶሎ ይሁንልኝ የምለው ያለምክንያት አይደለም። ሰኔ 2 የሐዋርያት ጾም ይገባል። ቅባቱ ሲቀር ሕመሙም ሊተወኝ ይችላል። ቤተሰቤ «ይኸው ዳንሽ» ይለኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ። ከዚያ ጾሙ ሲፈታ እንደገና በሌሊት ባጃጅ ፍለጋ ነው።

ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል የሚሉኝ ከሆነ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚያስተኛ፣ ለምን ያህል ጊዜ ከባድ ዕቃ እንደማላነሳ በግልጽ ይንገሩኝ። እንጀራ የምሰጣቸው ሁለት ምግብ ቤቶች አሉ፤ ድንገት ብቀርባቸው ሌላ ጋጋሪ ይይዛሉ። ቀኑን ካወቅኩ እህቴን ምጣዱ ላይ እተካለሁ። የጤና መድኅን ካርዴ ታድሷል፣ ይዤው እመጣለሁ። እስከዚያው ቢይዘኝ ምን ልውሰድ? ከሐሙስ በፊት የሚሉኝ ካለ ስልኬ ካርዴ ላይ አለ፤ ማታ ማታ ምጣዱ ስለሚጠፋ በደንብ ይሰማኛል።

አክባሪዎ፣
አስቴር