ስለተሰበረው የቡና ዕቃዎ ይቅርታ እንጠይቃለን

ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወ/ሮ አስቴር
ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ አስቴር። እንኳን ለጾመ ነቢያት በሰላም አደረስዎት።

የሱቁ ባለቤት ነኝ። ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም የላኩልንን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየሁ። የድምፅ መልእክትዎንም እስከ መጨረሻው ሰማሁ። የጀበናው አንገት ከሥሩ ተቆርጦ ወድቋል። ሦስት ስኒዎች ከንፈራቸው ተሸርፏል። የረከቦቱ አንድ እግር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ገንዘብዎን ከፍለው፣ ቀን ቆጥረው የጠበቁት ዕቃ በዚህ ሁኔታ ቤትዎ በመግባቱ ከልብ አዝኛለሁ። ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።

ከሁሉ በፊት ስለ አንድ ነገር ልናገር። ቅዳሜ ማታ መጀመሪያ የደረሰዎት መልስ «ሲረከቡ ለምን ከፍተው አላዩም?» የሚል ነበር። ይህ ለእርስዎ የሚገባ መልስ አልነበረም። ካርቶኑን የተቀበለችው ልጅዎ ናት። ከውጭ ሲታይ ካርቶኑ ደህና ነው፣ ቴፑም አልተነካም። ሞተረኛው ታች ቆሞ ስልኩ እየጮኸ ልጅቷ ደረጃ ላይ ዕቃ ፈትታ ስኒ ትቁጠር ማለት አይቻልም። ዕቃው ተሰብሮ ከመጣ ተሰብሮ ነው የመጣው። በር ላይ ተከፈተ፣ ማታ ሳሎን ውስጥ ተከፈተ፣ ለእኛ ልዩነት የለውም። መልሱን ከጻፈችው ልጅ ጋር ተነጋግረናል። እሷም በራሷ ድምፅ ይቅርታ ልትጠይቅዎት ትፈልጋለች፤ እርስዎ ከፈቀዱ ብቻ ትደውላለች።

በድምፅ መልእክትዎ እንደነገሩን ዕቃውን የገዙት ለኅዳር ጽዮን ዝክር ነው። እናትዎ ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ። አዲሱ ቤት ገብተው የመጀመሪያውን ቡና የሚጠጡትም በዚሁ ረከቦት ላይ ነው። በዓሉ እሑድ ኅዳር 21 ቀን ነው፤ ጊዜ የለም። ስለዚህ መልስዎን እየጠበቅን ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሙሉ ምትክ ዕቃ መርጠን ለብቻው አስቀምጠናል። ስምዎ ተጽፎበታል፣ ለሌላ ሰው አይሸጥም።

ምትኩን ከመረጡ እስከ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን ከሰዓት በፊት ቤትዎ ይደርሳል። ረከቦቱ ያው የመረጡት ጥቁሩ ዋንዛ ነው። ስኒዎቹ 12ቱም ነጭ ባለ ወርቅማ ጠርዝ ናቸው፣ ከነማስቀመጫቸው። ሦስቱን ብቻ ቀይሮ መላክ ይቻል ነበር። ግን አንዱ ዙር ከሌላው ዙር በቀለም ትንሽ ይለያያል፣ እንግዳ ፊት ሲደረደርም ያስታውቃል። ስለዚህ ሙሉውን እንልካለን። ጀበናው የቀጨኔ ሸክላ ነው፤ ትናንት ራሴ ሄጄ ከሠራችው እናት እጅ ነው የተቀበልኩት። አንገቱን በጣቴ መታ መታ አድርጌ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ጥርት ያለ ነው። ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ ይታፈናል። ማቶቱና ውታፉም አብረው አሉ።

ሐሙስ ያልንበት ምክንያት ጀበናው መሟሸት ስላለበት ነው። እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ አዲስ ጀበና አተላ ተመላልሶ ካልፈላበት የመጀመሪያው ቡና አፈር አፈር ይላል። ሐሙስ ከደረሰ ዓርብና ቅዳሜ ይቀርልዎታል። ጊዜ ከሌለዎት ሱቅ ውስጥ እኛው አሟሽተን እንልካለን። ነገር ግን ብዙ እናቶች ጀበናቸውን በራሳቸው እጅ ማሟሸት ስለሚወዱ ሳንጠይቅዎት አናደርገውም።

ለምትኩ የሚከፍሉት ነገር የለም፤ የመላኪያም የለም። የተሰበረውንም እርስዎ ይዘው አይወርዱም። አዲሱን የሚያመጣው ልጅ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል፣ ካርቶኑን በፊትዎ ይከፍታል፣ አንድ በአንድ ያሳይዎታል። ሁሉም ደህና መሆኑን ካዩ በኋላ አሮጌውን ይዞ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ካርቶን ጥለውት ከሆነም አይጨነቁ፤ የራሱን ማዳበሪያ ይዞ ይመጣል።

ገንዘብዎን ከመረጡ ደግሞ ሙሉውን እንመልሳለን። ደረሰኝዎ ላይ እንዳለው ረከቦቱ 4,200፣ ስኒዎቹ 1,600፣ ጀበናው ከነማቶቱ 700፣ መላኪያው 350፣ በድምሩ 6,850 ብር ነው። መላኪያውን አንቀንስም፤ ዕቃ ደህና ሆኖ ላልደረሰበት መንገድ ደንበኛ አይከፍልም። በቴሌብር ከሆነ እሺ ባሉበት ቀን ይገባልዎታል። በባንክ ከፈለጉ የሒሳብ ቁጥርዎን ይላኩልን፣ በማግስቱ ጠዋት እናስገባለን። የተሰበረው ዕቃ እስኪመለስ ገንዘቡን አናቆይም።

ምናልባት በደህና የተረፉትን ዘጠኝ ስኒዎች ወደዷቸው፣ ማስቀረት ይፈልጋሉ። ይህም ይሆናል። የዘጠኙ ስኒ ዋጋ 1,200 ብር ብቻ ተቀንሶ 5,650 ብር ይመለስልዎታል። በእኔ በኩል ግን እሑድ እንግዳ ስላለብዎት ምትኩን ቢወስዱ ይሻላል እላለሁ። ከበዓሉ በኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡ፣ ወይ ቀለሙ ከቤትዎ ጋር አልሄደም ቢሉ፣ ያኔም ገንዘብዎ ይመለሳል።

ይህን የምናደርገው ለእርስዎ ውለታ ለመዋል አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ስለመጠየቅዎ ሊሸማቀቁ አይገባም። በድምፅ መልእክቱ «ላስቸግራችሁ አልፈለግኩም ነበር» ብለዋል። የተቸገሩት እርስዎ ነዎት።

ምን እንደተፈጠረ ማወቅም መብትዎ ነው። ሞተረኛውን አነጋግረናል፤ ዕቃውን አልጣለውም። ካርቶኑን ግን ከኋላው ሳጥን ውስጥ ከሌላ ከባድ ዕቃ ሥር አድርጎታል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ብሎካችሁ በሚወስደው ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ክብደቱ በሙሉ ጀበናው ላይ አረፈ። የጀበና ደካማ ቦታ አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚጋጠምበት ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ለብቻው ሠርታ የምትገጥመው እዚያ ላይ ነው። ጀበናው ደግሞ የታሸገው ቆሞ ነበር፣ ዙሪያውን ጋዜጣ ብቻ ተጠቅጥቆ። ጋዜጣ በመንገድ ላይ ይጨመቃል፣ ክፍተት ይፈጠራል። አንገቱ ሲቆረጥ ጀበናው ወደ ጎን ተንከባለለና ስኒዎቹን መታ። የረከቦቱ እግርም ከላይ በተጫነው ክብደት የተሰነጠቀ ይመስለኛል።

እንግዲህ ሞተረኛው ላይ ብቻ የሚጣል ጥፋት አይደለም። ከሱቃችን ሲወጣ እንዲህ ያለውን መንገድ እንዲችል ተደርጎ መታሸግ ነበረበት። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራብሳ የምንልከው ዕቃ ብዙ ነው። መሀል ከተማ አስፋልት ላይ የሚደርሰውና እስከዚያ ድረስ የሚሄደው በአንድ ዓይነት መታሸግ የለበትም። የእርስዎ ምትክ ዕቃ ጀበናው በራሱ ትንሽ ካርቶን ተኝቶ ነው የሚመጣው፤ አንገቱ ዙሪያውን በጨርቅና በስፖንጅ ተይዟል። ስኒዎቹ በካርቶን ግድግዳ ተለያይተዋል። ረከቦቱ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ለብቻው ነው። የሚያመጣውም ልጅ የእርስዎን ዕቃ ብቻ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሌላ ጭነት አይደርብበትም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የተቆረጠውን ጀበና አጣብቀው እሳት ላይ እንዳይጥዱት። ገበያ ላይ ያለው ማጣበቂያ የከሰልን ሙቀት አይችልም፤ ቡናው እየፈላ አንገቱ ቢለቅ እጅና እግር ላይ ነው የሚፈሰው። ቀላል የሚመስል ስንጥቅም ሙቀት ሲያገኝ ይሰፋል። የተሸረፉትን ስኒዎችም ከልጆች ያርቁልኝ፣ ከንፈር ይቆርጣሉ። ስብርባሪው ካርቶኑ ውስጥ ገና ካለ በባዶ እጅ አይልቀሙት፤ ልጁ ሲመጣ እንዳለ ይውሰደው።

አሁን ከእርስዎ የምፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነው። «ምትክ» ወይም «ገንዘብ» ብለው በዚሁ ቴሌግራም ይጻፉልኝ፣ ወይም ድምፅ ይላኩ። ነገ ማክሰኞ እስከ ማታ ቢደርሰኝ የሐሙሱ ጉዞ አያመልጠንም። ምትክ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ቤት የሚኖር ሰው ማን እንደሆነና ጀበናውን ማን ያሟሸው እንደሚሉ አብረው ይንገሩኝ። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ መጻፍ ካልቻሉም ስልክ ይደውሉልኝ፤ በዚህ መልእክት የሚያዩት ቁጥር የእኔው ነው፣ እኔው ነኝ የማነሳው። እስከ ነገ ማታ ድምፅዎን ካልሰማሁ ረቡዕ ጠዋት እኔ እደውላለሁ። ምትክ ዕቃውም እስከዚያ ቦታው ላይ ይቆያል።

አሁንም ደግሜ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ለልጅዎም ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ፤ ካርቶኑን ስለተቀበለች ተወቅሳ እንዳይሆን ብዬ ነው።

በአክብሮት፣
ሰሎሞን
የሱቁ ባለቤት፣ ሽሮ ሜዳ