ከጨረታ ስለመውጣትና የጨረታ ማስከበሪያ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ቁጥር፦ ዳሕመ/147/16
ቀን፦ ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከዳኜና ልጆቹ የሕክምና መገልገያዎች አስመጪ ኃ/የተ/የግ/ማኅበር

ለሪፈራል ሆስፒታሉ የግዥና ንብረት አስተዳደር ዳይሬክቶሬት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በግልጽ ጨረታ ቁጥር 09/2016 ያስገባነውን የመጫረቻ ሰነድ ስለማውጣት

ድርጅታችን ለሕሙማን አልጋና ለኦክስጅን ኮንሰንትሬተር አቅርቦት በወጣው ጨረታ ለመወዳደር ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. የቴክኒክና የዋጋ ሰነዱን በየፖስታው አሽጎ በመዝገብ ተራ ቁጥር 6 አስረክቧል። የጨረታ ሳጥኑ የሚዘጋው ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት፣ የሚከፈተውም በዚያው ዕለት 4፡30 ላይ ነው። ሳጥኑ ሳይዘጋ፣ ይህ ደብዳቤ ለዳይሬክቶሬቱ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ፣ የመጫረቻ ሰነዳችንን ሙሉ በሙሉ ማውጣታችንን እናሳውቃለን። ሰነዱን ማሻሻላችን ወይም በሌላ መተካታችን አይደለም። በሁለቱም ሎት አንወዳደርም።

ምክንያታችን ይህ ነው። ዋጋችንን ያሰላነው የአንድ ዶላር የባንክ ምንዛሪ 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ግን በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ74 ብር አልፏል። ዕቃዎቹን ከውጭ የምንገዛው በዶላር ሲሆን ለሆስፒታሉ ያቀረብነው ግን ለ90 ቀን የሚጸና የብር ዋጋ ነው። በዚህ ዋጋ ብናሸንፍ ወይ ውል ሳንፈርም እንቀራለን፣ ወይ ፈርመን ማቅረብ ያቅተናል። ኦክስጅን ለሚጠብቅ ሕመምተኛ ሁለቱም በደል ነው። ሆስፒታሉ በእኛ ተማምኖ ወራት ከሚያጣ፣ ጊዜው ሳያልፍ ከውድድሩ መውጣታችን ይሻላል ብለን ወስነናል። በቀጣይ ለሚወጣ ጨረታ ግን በደስታ እንቀርባለን።

የጨረታ ማስከበሪያውን በሚመለከት ዝርዝሩ እንደሚከተለው ነው። ያስያዝነው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተሰጠ፣ በቅድመ ሁኔታ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና ሲሆን ቁጥሩ 0417/16፣ መጠኑ ብር 250,000 (ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር) ነው። የመጫረቻ ሰነዱ ጸንቶ ከሚቆይበት ጊዜ በኋላ ተጨማሪ 28 ቀን እንዲያገለግል ተደርጎ እስከ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የጸና ነው። ኦሪጅናሉ የሚገኘው በቴክኒክ ፖስታው ውስጥ ሲሆን በሌላ ቦታ ያስቀመጥነው ኦሪጅናል የለም።

በጨረታ ሰነዱ የተጫራቾች መመሪያ መሠረት ማስከበሪያው የሚወረሰው፣ ተጫራቹ ከማስረከቢያው የመጨረሻ ሰዓት በኋላ ሰነዱ ጸንቶ በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ ራሱን ሲያገል ወይም አሸንፎ ውል ለመፈረም ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀር ነው። እኛ የወጣነው ሰዓቱ ሳይደርስ ስለሆነ የመወረስ ምክንያት አልተፈጠረም። ስለዚህ በዋስትናው ላይ የክፍያ ጥያቄ ለባንኩ እንዳይቀርብ በአክብሮት እንጠይቃለን።

በመሆኑም፦

የመጫረቻ ሰነዳችን ሁለቱም ፖስታዎች ሳይከፈቱ፣ ማኅተማቸው እንዳለ እንዲመለሱልን፤

የዋስትናው ኦሪጅናል በቴክኒክ ፖስታው ውስጥ እንዳለ አብሮ እንዲመለስልን፣ እንዲሁም ሆስፒታሉ በዋስትናው ላይ ምንም ጥያቄ እንደሌለውና ባንኩ ከግዴታው ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለባንኩ እንዲጻፍልን እንጠይቃለን። ባንኩ በዝግ የያዘብንን ገንዘብ የሚለቀው በእነዚህ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አይቀበልም።

ፖስታዎቹ ሳጥን ውስጥ ገብተው ከሆነና ሳጥኑ ሳይከፈት ሊወጡ ካልቻሉ፣ በመክፈቻው ዕለት ከማንኛውም ፖስታ በፊት ይህ የመውጣት ማስታወቂያ ተነቦ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብና ፖስታዎቻችን ሳይከፈቱ ለተወካያችን በፊርማ እንዲመለሱልን፤ ዋጋችንም በተወዳዳሪዎች ፊት እንዳይነበብ አጥብቀን እናሳስባለን። ተወካያችን መታወቂያና የድርጅቱን የውክልና ደብዳቤ ይዞ ይገኛል።

ለጨረታ ሰነዱ የከፈልነውን ገንዘብ እንዲመለስልን አንጠይቅም።

ይህን ደብዳቤ የፈረምኩት የመጫረቻ ሰነዱን በፈረምኩበት ሥልጣን ሲሆን፣ ሥልጣኑን የሚያሳየው የተረጋገጠ የውክልና ማስረጃ ቅጂ ተያይዟል። ደብዳቤው የቀረበው «ከጨረታ የመውጣት ማስታወቂያ» ተብሎ በተጻፈበት እሽግ ፖስታ ነው። የተቀበላችሁበትን ቀንና ሰዓት በሁለተኛው ቅጂ ላይ ጽፋችሁና ማኅተም አድርጋችሁ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር

ሰላማዊት ዳኜ
ዋና ሥራ አስኪያጅ
(ፊርማና የድርጅቱ ማኅተም)

አባሪ፦ የውክልና ማስረጃ ቅጂ፣ የሰነድ ማስረከቢያ ደረሰኝ ቅጂ፣ የባንክ ዋስትናው ፎቶ ኮፒ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ዋስትናውን ለሰጠው ቅርንጫፍ፣ እንዲያውቀው
ለድርጅቱ ፋይናንስ ክፍል