ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤታችን ኤአይ ፎቶ የተነሣ የቤት ሥራ ማየት ስለመቻሉ

ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ5ኛ ለ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
አዲስ አበባ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ "ደብተሩን በስልክ አንስተን ብንልክለት ያያል ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኝ፣ ሳልሞክር መመለስ ስላልፈለግሁ ቀጠሮ ሰጥቼ ነበር። ሞክሬዋለሁ። አዎ፣ ያያል። የሚያየውን ሁሉ ግን በትክክል ያነባል ማለት አይደለም።

በታተመ መጽሐፍ ላይ ብዙም አይቸገርም። የሚቸገረው በልጆቻችን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ እኔም እቸገራለሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ተማሪ 3/4 + 1/6 ን ሠርቶ 11/12 ብሎ ጽፎ ነበር፤ ልክ ነው። ሁለተኛዋን 1 ግን አናቷ ላይ ጭረት ስለጨመረባት ኤአዩ 17/12 ብሎ አነበባትና "ተሳስተሃል" አለው። ልጁም ትክክለኛውን መልስ አጠፋ። ደብተሩን ሳርም ወረቀቱ በላጲስ ሳስቶ አገኘሁት። ምርጫ ጥያቄ ላይ ደግሞ በችኮላ የተጻፈች "ለ" "ሰ" ትመስለዋለች።

ስለዚህ ፎቶውን ከላካችሁ በኋላ መጀመሪያ "ያነበብከውን ጻፍልኝ" በሉት። የጻፈውን ልጁ ራሱ ከደብተሩ ጋር ያስተያይ፤ ላዕሉንም ታህቱንም። ካልገጠመ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስገባት ይሻላል። የማዕዘን ልኬት ግን ከሥዕል አይጠየቅ፣ በግምት ነው የሚናገረው፤ ፕሮትራክተር ለዚህ ነው የተገዛው።

ስታነሡ አንድ ገጽ ብቻ ይሁን፤ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ቢቻል በቀን ብርሃን። ማታ በአምፖል ሥር የእጅ ጥላ ግማሹን መስመር ይውጠዋል። ፎቶው በቴሌግራም ተልኮላችሁ ከሆነ ደግሞ ተጨምቆ ስለሚደርስ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ በፋይል መልክ ይላክላችሁ።

አንድ ነገር አደራ የምላችሁ፣ የልጁ ፊት፣ ስሙ የተጻፈበት ሽፋን፣ ወይም ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ መታወቂያና ደረሰኝ አብሮ እንዳይነሣ ነው። የሌላ ልጅ ደብተርም ያለ ወላጁ ፈቃድ አይላክ።

ማርክ የምሰጠው እንደ ወትሮው ደብተሩን በእጄ ይዤ ነው። ኤአዩ "ልክ ነው" ቢልም ባይልም ውጤት ላይ አይገባም። ስማርት ስልክ የሌላችሁ ቤተሰቦች፣ ልጃችሁ ምንም አይቀርበትም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እስከ 10፡30 ክፍል ውስጥ ስለምቆይ ያልገባውን ይዞ ይምጣ።

ኤአዩ አሳስቶ ያነበበው ገጽ ሲያጋጥማችሁ ደብተሩን ሳታጠፉ ላኩልኝ፤ ለአይሲቲ ክፍሉ የማሳየው እሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር
የ5ኛ ለ ክፍል ኃላፊና የሂሳብ መምህር