የኤክሴል ትምህርት በኦንላይን፦ ምዝገባው ዓርብ ጥቅምት 14 ማታ ይዘጋል

«ድምሩ ልክ ነው» ብላችሁ የላካችሁት ሪፖርት ተመልሶ መጥቶባችሁ ያውቃል?

በእኔ ላይ ደርሷል። ማስተማር ከመጀመሬ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ስሠራ፣ የ40 ሠራተኞችን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደምሬ ለአለቃዬ ላክሁ። ብዙም ሳይቆዩ አስጠሩኝ፤ ድምሩ ጎድሏል። ቀመሩን ከፍቼ አየሁት፦

```
=SUM(C2:C41)
```

ምንም እንከን የለበትም። ግማሽ ቀን ሙሉ ቁጥሮቹን በካልኩሌተር አንድ በአንድ ስደምር ዋልሁ። ነገሩ የተገለጠልኝ ተስፋ ቆርጬ ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ስደገፍ ነው። ሰባቱ ቁጥሮች ከጓደኞቻቸው ተነጥለው በሴሉ ግራ ጠርዝ ተሰልፈዋል! ከሌላ ፕሮግራም ተገልብጠው ስለመጡ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ነበር የያዛቸው። SUM ደግሞ እንዲህ ያለውን ቁጥር አይደምርም፤ ስህተት አለ ብሎም አይናገርም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በየቦታው ሞልተዋል፤ ለዚያ ለእኔ መክፈል አያስፈልጋችሁም። እኔ የማስተምረው ሠንጠረዥን መጠርጠር ነው።

ስለዚህም ከስድስቱ ሳምንታት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀመር ሳይሆን በጽዳት ያልፋሉ። ጽሑፍ ሆኖ የተደበቀ ቁጥር፣ ቀኑና ወሩ የተገላበጠ ቀን፣ ከስም በኋላ የቀረ ባዶ ቦታ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለኤክሴል «አልማዝ» እና መጨረሻዋ ላይ ክፍተት የተጨመረባት «አልማዝ » ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። VLOOKUP የተባለው የፍለጋ ቀመር ሴትየዋን አላገኘሁም ብሎ #N/A ሲጽፍባችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀመሩ ሳይሆን የዚያች ክፍተት ነው፤ TRIM የተባለው ቀመር በአንድ ጊዜ ያጠፋታል።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ፍለጋ ቀመሮች እንገባለን። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚረሳትን አንዲት ቃል ደጋግሜ አነሣለሁ፦

```
=VLOOKUP(A2,F:H,3,FALSE)
```

መጨረሻ ላይ ያለችው FALSE ከተተወች፣ ኤክሴል ትክክለኛውን ካላገኘ ከእርሱ የሚያንሰውን የቅርቡን ያመጣል፤ ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ ደግሞ ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ሊያመጣ ይችላል። የአንዱን ደመወዝ ለሌላው የምትጽፉት እንዲህ ነው። አራተኛው ሳምንት ረጅም ዝርዝርን በየምድቡ ደምሮ የሚያሳየው የፒቮት ሠንጠረዥ ነው፤ ተማሪዎቼ «ይህን እስከ ዛሬ በእጄ ነበር የምሠራው!» የሚሉት በዚህ ሳምንት ነው። ግራፍ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ጊዜ የሚገባው አይመስለኝም። የቀረውን ጊዜ እያንዳንዳችሁ ከሥራችሁ ባመጣችሁት ፋይል ላይ እንሠራለን፤ የሰዎችን ስምና ምስጢር የሚባለውን ነገር አስቀድማችሁ ቀይሩት።

ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2፡00 እስከ 3፡30 ይሰጣል። ማክሰኞ ጥቅምት 18 ተጀምሮ ሐሙስ ኅዳር 25 ያልቃል፤ በድምሩ 12 ክፍለ ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥባችሁ ወይም ሥራ ቢያመሻችሁ፣ የእያንዳንዱ ምሽት ቅጂ በማግስቱ ይላክላችኋል። የቤት ሥራውን የማርመው ራሴ ነኝ፤ የተሳሳተውን ሴል ቀለም ቀብቼ፣ ለምን እንደተሳሳተ ጎኑ ላይ እጽፍላችኋለሁ። ከ16 ሰው በላይ የማልቀበለውም ለዚሁ ነው። እስከ አሁን 9 ሰው ተመዝግቧል።

ሰርተፍኬት አልሰጥም። ይህን ሲሰሙ የሚቀሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቅር አይለኝም። ለቀጣሪ የምታሳዩት ከተዝረከረከ መረጃ ተነሥታችሁ ራሳችሁ የሠራችሁት አንድ የተጣራ ፋይል ይኖራችኋል፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ከፍታችሁ ልታስረዱት የምትችሉት።

ኤክሴልን ከፍታችሁ ቁጥር መጻፍና መደመር የምትችሉ ከሆነ ትምህርቱ ለእናንተ ነው። ማክሮ የምትጽፉ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ይሰለቻችኋል። ኮምፒውተር የግድ ያስፈልጋል። በስልክ ለመከታተል የሞከሩ ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ሁለቱም በሁለተኛው ሳምንት ኮምፒውተር ተዋሱ።

ክፍያው በሁለት ጊዜ የሚፈጸም ነው፤ ግማሹ ስትመዘገቡ፣ ግማሹ ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች በኋላ አልተመቸኝም የሚል ሰው የከፈለው ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል፤ ምክንያት አልጠይቅም።

አስቀድማችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ፣ እሑድ ጥቅምት 9 ከቀኑ 10፡00 ላይ የአንድ ሰዓት ነጻ ትምህርት አለ። ያንን የጎደለ ድምር በተመሳሳይ ፋይል እሰጣችኋለሁ፤ ሰባቱን ቁጥሮች እናንተ ፈልጋችሁ ታወጣላችሁ።

ለመመዝገብ «ኤክሴል» የሚለውን ቃል በውስጥ መልእክት ላኩልኝ፤ ቅጹን ከክፍያው መጠን ጋር እልክላችኋለሁ። ምዝገባው ዓርብ ጥቅምት 14 ከምሽቱ 6፡00 ላይ ይዘጋል፤ 16 ሰው ቀድሞ ከሞላም ያን ጊዜውኑ አቆማለሁ።