የመጀመሪያ ወርቅዎን ገዙ፤ አሁን የት ያስቀምጡት?

ሰሞኑን 100 ግራም ጥፍጥፍ ወርቅ የገዛ ሰው ያቀረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ወርቁን ለመግዛት ወራት አስቦበት፣ የሚያስቀምጥበትን ግን ወርቁ እጁ ከገባ በኋላ ነው ያሰበው። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን።

ጥያቄ፦ ቤት ባስቀምጠው ሞኝነት ነው?

አይደለም። 100 ግራም ወርቅ ከ5 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጡጫ ውስጥ ይጠፋል። በማንኛውም ሰዓት እጅዎ ላይ ነው፣ ኪራይም የለውም። ግን ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ነገ ጠዋት ባጣው ኑሮዬ ይናጋል? መልሱ አዎ ከሆነ ቤት ውስጥ አያሳድሩት። የእኔ መስፈርት ይሄው ነው፤ የግራሙ ቁጥር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ካዝና ከገዛሁስ?

ካዝናው ካልታሰረ ለሌባው መያዣ ገዙለት ማለት ነው። ትንሽ ካዝና ሁለት ሰው አንስቶ ይወስደዋል፤ ቤቱ ሄዶ ተረጋግቶ ይከፍተዋል። ስለዚህ ከኮንክሪት ወለል ወይም ግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰር። የመኝታ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ አይሁን፤ ሌባ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ፍራሽ ስር የሚለውንማ እንተወው።

ደግሞ የቤት ኢንሹራንስ ካለዎት ውሉን ያንብቡ። ብዙ ውሎች ለወርቅና ለጌጣጌጥ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ቤቱ በሙሉ ዋስትና አለው ማለት ወርቁም አለው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ እሳት ቢነሳስ? ይዝጋል እንዴ?

ንጹህ ወርቅ አይዝግም። የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ቢቀልጥም ወርቅነቱ አይጠፋም። የሚጠፋው ወረቀቱ ነው። ደረሰኙን ፎቶ ያንሱትና ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። የጥፍጥፉን መለያ ቁጥርም እንዲሁ። የታሸገበትን ፕላስቲክ ደግሞ «እስኪ ልዳብሰው» ብለው አይክፈቱት። ሲሸጡት ገዢው እንደገና ካልፈተሽኩ ይላል፣ ዋጋውንም ሊቀንስብዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ የባንክ ሳጥን ከተከራየሁ ቢጠፋ ባንኩ ይተካልኛል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ባንኩ የሚያከራይዎት ቦታ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፣ አብዛኛውን ጊዜ ማወቅም አይፈልግም። የባንክ ተቀማጭን የሚሸፍነው ዋስትና ለሂሳብዎ ገንዘብ እንጂ ለሳጥኑ አይደለም። ስለዚህ ለብቻው ኢንሹራንስ ይግቡ፣ የኪራይ ውሉ ላይ የኃላፊነት ጣሪያ የሚለውንም ፈልገው ያንብቡ።

ሳጥን አይሰበርም ብለውም አይዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በፋሲካ በዓል ሰሞን ሌቦች ለንደን ሃተን ጋርደን የሚገኝ የግል የሳጥን ማከማቻ ውስጥ የኮንክሪት ግድግዳ ቦርቡረው ገብተዋል። ባንክ አልነበረም፤ ነገር ግን ወፍራም ግድግዳ ኢንሹራንስን እንደማይተካ ያሳያል።

የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። ባንክ ሲዘጋ ወርቅዎም ይዘጋል። ቁልፍ ከጠፋብዎት ሳጥኑ ይሰበራል፣ ሂሳቡም የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ቮልት የሚባለውስ?

ቮልት ለወርቅ ተብሎ የተሠራ የታጠቀ ጥበቃ ያለው ማከማቻ ነው። ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ ከክፍያው ጋር ይመጣል። ግን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «የትኛው ጥፍጥፍ ነው የእኔ?» መለያ ቁጥሩን ከነገሩዎት ወርቁ በስምዎ የተለየ ነው፤ ድርጅቱ ቢከስር እንኳ ንብረትዎ ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። «ይህን ያህል ግራም ሂሳብዎ ላይ አለ» ብቻ ካሉ ግን የያዙት የድርጅቱን ዕዳ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኪሳራ ከመጣ ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር ይሰለፋሉ። ስሙ ወርቅ፣ ነገሩ ቃል ነው።

ከዚያ ወርቁን ማን ከውጭ መጥቶ እንደሚቆጥረው፣ ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ፣ በአካል ላውጣ ቢሉ ስንት እንደሚከፍሉ ይጠይቁ። ክፍያው በወርቁ ዋጋ መቶኛ ይሰላል፤ ብዙ ቦታ ግን ዝቅተኛ ዓመታዊ ክፍያም አለ። ለ100 ግራም ያ ዝቅተኛ ክፍያ ሊጎዳዎት ይችላል። ለኪሎዎች ግን ቮልት ያዋጣል። ከቮልት ወጥቶ የማያውቅ ወርቅ እዚያው ሲሸጥ የፍተሻ ጣጣውም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ለማን ልንገር?

ለአንድ ሰው። ለጓደኛ አይደለም፣ ለሠርግ ጨዋታ ማሟያም አይደለም፤ ለሚወርስዎት ወይም ለሚያምኑት። ለማንም ሳይነግሩ ቢሞቱ የተቀበረው ወርቅ ተቀብሮ ይቀራል፣ የባንኩ ሳጥንም ወራሽ እስኪረጋገጥ ሊታሸግ ይችላል። ቦታውን፣ የቁልፉን ነገርና የውሉን ቁጥር ጽፈው በታሸገ ፖስታ ይስጡት። ወርቁን ባዘዋወሩ ቁጥር ፖስታውንም ይቀይሩ።