አንድ ፀሐይ ጨምሪለት

እናቴ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። መደቧ ሁለት ሜትር አይሞላም። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ድንብላሉ፣ ጦስኙ፣ የደረቀው በሶብላ፣ ሁሉም በየማዳበሪያው አፉ ተጠቅልሎ ይደረደራል። ክረምት ሸራ ትወጥራለች፣ በጋ ጃንጥላ ትተክላለች። አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀችም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ የበርበሬ ሰሞን ይመጣል። የማረቆውም የአላባውም ዛላ በየግቢው ይሰጣል፣ ሾላም መተላለፊያ ያጣል። የእናቴ የዓመት ገቢ እሱ ሰሞን ነው። የሚያበግናትም እሱ ሰሞን ነበር።

የሚያበግናት ጥያቄው ነው።

"እትዬ፣ ለአምስት ኪሎ በርበሬ ኮረሪማ ስንት ይገባል?"

ትናገራለች።

"ነጭ አዝሙድስ?" ትናገራለች። "ነጭ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ተመዝኖ ነው ወይስ ተልጦ?" እሱንም ትናገራለች። ከዚያ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋር ትደውልና "እማ፣ ሴትዮዋ ሩብ ኪሎ አለችኝ፣ አይበዛም?" ትላለች፣ በስልክ ውስጥ ያለችው እናት ደግሞ ሌላ ነገር ትላለች፣ እናቴም ከማታያት ሴት ጋር ስለ ኮረሪማ ክርክር ትገጥማለች። ይሄ ሁሉ ሆኖ አንድ ስኒ ጥቁር አዝሙድ ገዝተው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ማታ ቤት ስትገባ ነጠላዋን አልጋው ላይ ወርውራ ዝም ብላ ተቀመጠች። እናቴ ነጠላ የምትወረውር ሰው አይደለችም። ምን ሆነሽ አልኳት። አንዲት ሙሽራ መሳይ ልጅ መጥታ ከቅንጠሳው እስከ ወፍጮው ድረስ አስጠይቃታለች። መቼ እንደሚደለዝ፣ ስንት ሌሊት ታፍኖ እንደሚያድር፣ የትኛው ቅመም ታምሶ እንደሚገባ፣ ሁሉንም። ገዢ እየመለሰች ነው የነገረቻት። ልጅቷ "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ" ብላ ተነሣችና ሦስት መደብ አልፋ፣ በኪሎ አሥር ብር ቀንሰው ከሚሸጡት ጋር ሄዳ ሁሉንም ጠቅልላ ገዛች።

"ከነገ ጀምሮ አልናገርም" አለች እናቴ። "ቅመም ነው የምሸጠው፣ ትምህርት አይደለም።"

እውነቷን ነበር። እኔም ተናድጄላታለሁ። ግን አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ማታ ነገሩን ራሷ ተናግራው ነበር፣ ሁለታችንም አልሰማነውም።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለሆነ አብሬያት ዋልኩ። እንዳለችውም አፏን ዘጋች። ሲጠይቋት "እንደየቤቱ ነው" ብላ ታልፋለች። ሰዎቹም ያልፋሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የሸጥነው ለቁርስ ያወጣነውን አልመለሰም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ልጅ አዝላለች፣ ላብ አጥምቋታል። አምና የመጀመሪያ በርበሬዋን አዘጋጅታ በደንብ ሳይደርቅ አስፈጨችውና ሻገተባት። አምስት ኪሎ ሙሉ፣ ያውም በአማቷ ፊት። ዘንድሮ ማንንም መጠየቅ አፍራለች። ይሄን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በርበሬ የተበላሸባት ሴት ይገባታል፤ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው።

"እኔ ምንም አልጠይቅዎትም" አለቻት፣ "እርስዎ ለራስዎ ቤት እንደሚያዘጋጁት ሁሉንም ይስፈሩልኝና ሒሳቡን ይንገሩኝ።"

እናቴ ተነሣች። ኮረሪማ ሰፈረች፣ ሁለቱን አዝሙድ ሰፈረች፣ በሶብላና ጦስኝ ቆነጠረች። ለነጭ ሽንኩርቱና ለዝንጅብሉ እኔን ወደ ጎረቤት ላከችኝ። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አሰረችና ሒሳቡን ነገረቻት። ልጅቷ ቆጥራ ከፍላ ሄደች። አንድ ብር ቀንሺ አላለችም።

እናቴ ብሩን ይዛ ቆማ ቀረች። "አየሽ" አለችኝ፣ "የከፈለችኝ ለቅመሙ ብቻ አይደለም። ለስፍሩ ነው።"

በዚያው ሌሊት ቤታችን ውስጥ መስፈር ተጀመረ። የሦስት ኪሎ፣ የአምስት ኪሎ፣ የአሥር ኪሎ። እሷ ትሰፍራለች፣ እኔ አስራለሁ። ሰኞ አሥር እስር ይዘን ወጣን። ሁለት ተሸጠ።

ሰው የታሰረ ነገር አያምንም። "ከሥር የአምና ቅመም አድርገሽበት ይሆናል" አሏት፣ ፊት ለፊቷ። በዚያ ላይ ነጭ ሽንኩርቱ እርጥብ ስለሆነ በሁለተኛው ቀን ጥቁር አዝሙዱን አራሰው። አራት እስር ፈትተን ቅመሙን እንደገና ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበረብን። በቃ ይቅር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ማታ ሻማ አብርታ (መብራት ጠፍቶ ነበር) አንድ በአንድ እያሸተተች የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ትለያለች።

ከዚያ አሠራሩን ቀየረች። እያንዳንዱ ቅመም ለየብቻው በምታሳይ ትንሽ ላስቲክ ገባ፣ ላስቲኮቹ ሳይታሰሩ በአንድ ትልቅ ከረጢት። ገዢዋ ከፍታ ታሸታለች፣ ኮረሪማውን ሰብራ ፍሬውን ታያለች፣ ካልወደደች ትመልሳለች። እርጥቡን ከእስሩ አወጣችው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከምትሸጠው ከአስካለ ጋር ተስማምታ፣ እኛ ጋር የገዛ ሰው ለአምስት ኪሎ የሚሆነውን በቀጥታ ከእሷ ይወስዳል። እኔ ደግሞ ወረቀት ጻፍኩ። መጀመሪያ ምን ይቀነጠሳል፣ መቼ ይደለዛል፣ የትኛው ይታመሳል፣ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት መድረቁ እንዴት ይታወቃል። እሷ እየነገረችኝ ነው የጻፍኩት፣ በራሷ አነጋገር። "ዛላው ስትጨብጪው እንደ ቅጠል ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም።" ከታች ስልክ ቁጥሯን አደረግን።

ወረቀቱ ነው ገበያውን ያመጣው ብል አልተሳሳትኩም። አንዷ ለጎረቤቷ ታሳያለች፣ ጎረቤቷ ፎቶ አንስታ ለእህቷ ትልካለች። በኅዳር አጋማሽ በቀን ሰባት ስምንት እስር እንሸጥ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት አሜሪካ ላለች ልጃቸው በርበሬ ለመላክ የአሥር ኪሎውን ወሰዱና በሳምንቱ ለእህታቸው ብለው ተመለሱ። ያቺ አሥር ብር የሚቀነስበት መደብ ባለቤትም እስር ጀምራለች። እናቴ አልተቀየመችም። ስፍሯ ግን የራሷ ነው፣ እሱን ለማንም አልነገረችም።

የሚገርመኝ ጥያቄው አልቀረም፣ እንዲያውም በዛ። አሁን ማታ ማታ በስልክ ይመጣል። ትናንት እራት እየበላን፣ ሦስት ሰዓት አልፎ፣ ስልኳ ጮኸ። የበላችበትን እጇን ሳትታጠብ በግራዋ አነሣችው።

"አቤት ልጄ። እህ። ጨብጪው እስቲ። ድምፅ አለው?"

ዝም ብላ አዳመጠች። እኔም ትንፋሼን ዋጥኩ። በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ሲጨበጥ ተሰማን፣ ለስለስ ያለ ድምፅ።

"ገና ነው የኔ ልጅ። አትቸኩዪ። አንድ ፀሐይ ጨምሪለት፣ ነገ ማታ መልሰሽ ደውዪልኝ።"